በሰባት ሰዓት ክሩ ለምን ይበጠሳል?

ከሐረጎ አናት እስከ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ባለው ምድር እኔን በፈተና የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። ደሴ ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኩዊዝ ከፍቼ፣ ሐረጎን ስንወርድ ጨርሼ፣ ኮምቦልቻ ከመግባታችን በፊት መቶ ከመቶ ያየሁ ሰው ነኝ። ሹፌሩ ራሱ ያንን ቁልቁለት በእኔ ፍጥነት ወርዶት አያውቅም። በየኩርባው ሰው ሁሉ የሚይዘውን ብረት ጨብጦ ዱአ ሲያደርግ፣ እኔ ስለ ጥራት ቁጥጥር በሦስት አንቀጽ እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ እስከ አራተኛው ኩዊዝ ነው። አራተኛው ላይ ተያዝኩ። የያዘኝ ደግሞ ፖሊስም ፕሮፌሰርም አይደለም፤ ሰዓት ነው። ያው ሁላችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ሰዓት።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በሽመና ክፍል፣ መካኒክ ነኝ። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ ነው ኑሮዬ። የክፍላችን አለቃ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ፋብሪካው ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ቦታውን የሚይዘው ከራሳችን ሰው ነው፣ ግን የጥራት ቁጥጥር ኮርስ ማለፍ አለበት። ኮርሱ የሚሰጠው ደሴ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው። ቅዳሜ ክፍል ገብተን እንማራለን፣ በሳምንቱ መሀል በኢንተርኔት ኩዊዝ እንሠራለን፣ መጨረሻ ላይ ቤታችን ተቀምጠን በካሜራ እየተጠበቅን እንፈተናለን። ኩዊዙም ፈተናውም ይደመራል።

ከክፍላችን ሁለት ሰው ተመዘገበ። አንዱ እኔ። ሁለተኛዋ የኩታበር ልጅ የሆነች፣ ለብዙ ዓመት አብራኝ የሠራች፣ ሚኒባስ ውስጥም አጠገቤ የምትቀመጥ፣ አፏ ከሽመና ማሽን የማያንስ ባልደረባዬ ናት። አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው።

እኔ ወንበሩን ገና ሳይለቀቅ ለምጄዋለሁ። አለቃው ስብሰባ በገቡ ቁጥር ቁጭ ብዬ እሞክረው ነበር፤ ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፣ ይጠገናል። ባለቤቴ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። ደሴ ዙሪያ የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ደግሞ መስጊድ ደጃፍ ላይ «የልጄ ባል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ነው» ብለው ተናግረዋል። እኔ አንድ ክፍል ነው ያልኳቸው፤ ፋብሪካውን ሙሉ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔም አላረምኳቸውም። ሽማግሌ ማረም ነውር ነው።

ታዲያ በስልኬ ውስጥ ያለ አንድ ሊቅ ነበረኝ። ኤአይ የሚሉት ነው። ጥያቄውን ቀድቼ እሰጠዋለሁ፣ መልሱን ቀድቼ ኩዊዙ ላይ እለጥፋለሁ፣ ስሜ ሥር ይገባል። ማንበብ የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም። ባልደረባዬ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ምን ትነካካለህ?»

«ኩዊዝ እየሠራሁ ነው።»

«ሳታነበው?»

«የሚያነብልኝ አለ።»

«ወንበሩ ላይም እሱን ነው የምታስቀምጠው?»

«አንቺ ቅናት ነው። ላንቺም ልላክልሽ?»

«ተወኝ! እኔ የራሴን ስህተት ነው የምሠራው።» ደብተሯን ገለጠች። ያን ሳምንት ስድሳ ምናምን አገኘች። እኔ መቶ። ማታ ሐረጎን ስንወጣ ለተሳፋሪው ሁሉ ውጤቴን አሳየሁ፤ አንዲት ሽንኩርት የጫነች ሴት «ማሻአላህ» አለችኝ።

ከዚያ አራተኛው ኩዊዝ መጣ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ ረጅም መልስ የሚፈልግ። «አንድ የሽመና ክፍል ፈረቃው በ2 ሰዓት ይገባል፣ በ10 ሰዓት ይወጣል። በየቀኑ በ7 ሰዓት ገደማ የድር ክር መበጠስ ይጨምራል። ምክንያቱን ከሥራ ቦታችሁ ልምድ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።» ይህንንም አላነበብኩትም፤ በኋላ ነው ያወቅኩት። ቀዳሁ፣ ለጠፍኩ፣ ላክሁ። ከሐረጎ ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር።

ቅዳሜ ክፍል ገባን። መምህራችን ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው የማታሳፍር። «ዛሬ ከደረሱኝ መልሶች አንዱን ላንብብላችሁ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም» አለች። ማንበብ ጀመረች።

«እንደ ልምዴ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሥራ የሚገቡ ባልደረቦቼ ጎህ ሲቀድ ከፍተኛ ድካም ይሰማቸዋል። በ7 ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ በመስኮት የሚገባው የማለዳ ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያጭበረብረው የክር መበጠስን በጊዜ አያዩም። ስለሆነም ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ትኩስ መጠጥ እንዲቀርብ እመክራለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ሰዓት ማለት ጠዋት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። በሰባት ሰዓት የምትወጣ ፀሐይ ካለች አንድ ነገር ሆናለች፤ ሰባት ሰዓት እኮ ምሳ በልተን የምንመለስበት ነው! ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ እየደበደብኩ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ የት አገር ነው የሚሠራው?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰው ፋብሪካ በር ረግጦ አያውቅም! የትኛው ጅል ነው በእኩለ ቀን ፀሐይ ያወጣት?»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ባልደረባዬ ግን አልሳቀችም። በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ። «ያንተ ነው።»

«ምኑ?»

«ፀሐይዋ።»

መምህሯን ቀና ብዬ አየሁ። እሷም አየችኝ። «ጋሼ፣ ከክፍል በኋላ ትንሽ ይቆዩልኝ» አለች። የቀረውን ትምህርት አልሰማሁም። ትክክለኛውን መልስ ያኔ ለክፍሉ በደንብ አስረድታለች አሉ። እኔ ወንበሩ ከእግሬ ሥር ሲሄድ እያየሁ ነበር።

ሰው ሲወጣ ሁለታችን ቀረን።

«ጋሼ፣ ማሽን የጻፈውን እናውቃለን የሚሉ ሶፍትዌሮች አሉ» አለች። «እኔ በእነሱ ሰው አልከስም፤ ራሱ የጻፈውን ሰው ማሽን ነው የጻፈው ይላሉ፣ ማሽን የጻፈውን ያሳልፋሉ። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልስዎን በቃል ያስረዱኝ።»

«እንግዲህ… ሌሊት…» አልኩ።

«ፋብሪካችሁ በስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?»

«በሁለት።»

«ሌሊት?»

«ክረምት ላይ ጨለም ይላል» አልኩ። አላህ ያሳያችሁ፣ ይህን አልኩ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «እሺ። በሰባት ሰዓት እናንተ ክፍል ውስጥ በእርግጥ ምን ይሆናል?»

ዝም አልኩ። ይህንን ዝምታዬን ያዙልኝ።

ያለፉትን ሦስት ኩዊዞችም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከጻፍኳቸው ቃላት ግማሹን ትርጉማቸውን አላውቃቸውም፤ አንዱን የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር። አራቱም ዜሮ ሆኑ። «ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው» አለችኝ። «እኔ ወጥመድ አላስቀመጥኩም፣ እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ። አንድ ጊዜ አንብበውት ቢሆን ኖሮ እርስዎ ራስዎ ይይዙት ነበር።» ቀጥላም የኮሌጁን ደንብ ነገረችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ከተገኘብኝ ከኮርሱ እሰናበታለሁ፣ ምክንያቱም ለፋብሪካው ይገለጻል። ያኔ የአለቅነቱ ነገር ብቻ ሳይሆን፣ እዚያ ፋብሪካ ግቢ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄዴም ያበቃል።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ባልደረባዬ ገና ሳልቀመጥ ጀመረች። «እሺ፣ ጎህ ቀደደ?»

«ተይኝ።»

«ትኩስ መጠጥ ላስመጣልህ?»

«ተይኝ አልኩሽ። የመጨረሻው ፈተና ቀርቷል።»

«እሱማ በካሜራ ነው። መታወቂያህን ታሳያለህ፣ ላፕቶፑን አዙረህ ክፍሉን ታሳያለህ፣ ሌላ ገጽ መክፈት የለም። ፊትህ ከካሜራ ከጠፋ፣ ሌላ ሰው ከታየ፣ ድምፅ ከተሰማ ምልክት ይደረግብሃል። ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ያየዋል።»

ወድጄ አልነበረም፤ ጭንቅላቴ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሁለተኛ ስልክ ከላፕቶፑ ኋላ ግድግዳ ላይ ብለጥፈውስ? ክፍሉን ሳሳይ በመጋረጃ እሸፍነዋለሁ፣ በኋላ መጋረጃውን ነፋስ ይገልጠዋል፤ ደሴ ነፋስ መቼ ቸግሯት ያውቃል። ቤት ሄጄ ሞከርኩት። ባለቤቴን በካሜራው ፈንታ ከፊቴ አስቀመጥኳት።

«እንዴት ነው?»

«ዓይንህ ዶሮ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ዓይን ሆኗል» አለችኝ። «ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። እኔ ሚስትህ ሆኜ እንኳ አሁኑኑ ለቀበሌ እጠቁም ነበር።»

ስልኩን ከግድግዳ አወረድኩት። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ማጥናት ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ያልከፈትኩት የአእምሮዬ ክፍል አቧራው ለብቻው ያስነጥስ ነበር። የቀሩትን ኩዊዞች በራሴ ጭንቅላት ሠራሁ፤ ውጤቴን ለሽንኩርት ነጋዴዋ ማሳየት ተውኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ባለቤቴን በር ላይ ዘብ አቆምኳት። «ማንም እንዳይገባ። ጎረቤት፣ ልጅ፣ ድመት፣ ማንም!» መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ክፍሉን አዙሬ አሳየሁ፣ አልጋዬን፣ ቁም ሣጥኔን፣ ያልታጠበ ካልሲዬን ሳይቀር ዓለም አየልኝ። ፈተናው ተጀመረ። ወላሂ፣ የማውቀው ነገር ነበረው! አንዱን መለስኩ፣ ሁለተኛውን መለስኩ፣ ላቤ እየወረደ በገዛ እጄ እጽፋለሁ።

በሩ ተከፈተ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

አማቴ ናቸው። ከደሴ ዙሪያ ድረስ ጎመን በማዳበሪያ ተሸክመው መጥተዋል። ባለቤቴ ከኋላቸው ቆማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ለነገሩ ምን ታድርግ፣ አባቷን እኮ ነው! ጎረቤትና ድመት ብዬ ስዘረዝር አማት ማለቱን ረስቼ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ካሜራው ከፊቴ አትነሣ ይላል። አማቴ ደፍ ላይ ቆመዋል። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ ሽማግሌ ገብቶ እኔ ተቀምጬ የምቀር ከሆነ አለቅነቱም ይቅር። ተነሣሁ። ከካሜራው ጠፋሁ። ትከሻቸውን ሳምኩ።

«ወአለይኩም ሰላም አባባ» አልኩ በሹክሹክታ። «ፈተና ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ! ለዚሁ ነው የመጣሁት።» እሳቸው ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ከተራራ ተራራ መነጋገር የለመዱ ናቸው። «አብሽር! ቁጭ በል። ዱአ ሳላደርግልህማ አትፈተናትም።»

«አባባ፣ ካሜራ አለ፣ ያዩናል…»

«ይዩን! ምን ሰርቀናል?» አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የራሳቸውን ፊት አዩ። «ይሄ ደግሞ የማን ሽማግሌ ነው?» አሉ። ከዚያ ለካሜራው በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

እጃቸውን ዘረጉ። እኔስ? ሽማግሌ ዱአ ሲያደርግ እጁን የማይዘረጋ ማን ነው? ከቁልፎቹ ላይ እጄን አንሥቼ ዘረጋሁ። ሁለታችን ካሜራው ፊት፣ ጎን ለጎን፣ መዳፋችን ወደ ላይ።

«ያ ረቢ! ይህን ልጅ እርዳው!»

«አሚን።»

«ከአለቆች ሁሉ በላይ አለቃ አድርገው!»

«አሚን።» ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«መልሱን ከየትም ይሁን አምጣለት! በማያስበው መንገድ አድርስለት! ጠባቂዎቹን ዓይናቸውን ጋርድለት!»

እዚህች ላይ አፌ ተያዘ። ዝም ብል ክህደት ነው፤ አሚን ብል ደግሞ ተቀርጿል።

«አሚን በል እንጂ!»

«አሚን» አልኩ፤ ካሜራውን እያየሁ።

ፊታቸውን አብሰው ተነሡ፣ ጎመኑን ጥግ ላይ አስደግፈው ወጡ። የቀረውን ጥያቄ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

በሳምንቱ ከኮሌጁ ተጠራሁ። መምህሯና የትምህርት ክፍል ኃላፊው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ላፕቶፕ ከፍተዋል። ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ቪዲዮውን አጫወቱት። ስነሣ፣ ስጠፋ፣ ከማይታይ ሰው ጋር ሳንሾካሾክ። ከዚያ ጎመኑ። ከዚያ ሁለት ሰው መዳፍ ዘርግቶ። «መልሱን ከየትም ይሁን አምጣለት» የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ኃላፊው ቪዲዮውን አቆሙት። «እኚህ ሰው መልስ የሚያመጡት ከየት ነው?»

«ከአላህ» አልኩ።

«‹ጠባቂዎቹን ዓይናቸውን ጋርድለት› ምን ማለት ነው? እኔ ጠባቂው ነኝ።»

«እርስዎን እንዳልሆነ…» ብዬ ቀረሁ። አንዴ ማሽን አስገብቻለሁ፣ ተይዣለሁ። አሁን እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? እውነት ስናገር እንዳልታመን ያደረግኩት እኔው ነኝ።

መምህሯ ናት ያተረፈችኝ። «ምልክት ስለተደረገባቸው ብቻ አጭበርብረዋል አንልም» አለች። «የጻፉትን ይጠየቁ።»

ጠየቁኝ። የማውቀውን መለስኩ፤ በፈተናው ላይ የጻፍኩትን ያህል፣ በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ስህተት። ኃላፊው ወረቀቱን እያገላበጡ ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ደርሰው ቆሙ።

«ያቺ የኩዊዙ ጥያቄ ፈተናው ላይም ተመልሳ መጥታ ነበር። በሰባት ሰዓት ክሩ ለምን ይበጠሳል? እርስዎ የጻፉት፣ ‹ምሳ ስለተበላ እንቅልፍ ይመጣል› ነው።»

«አዎ።»

«አሁንም እንደዚያ ያምናሉ?»

«አዎ።»

ኃላፊው ከመምህሯ ጋር ተያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። «ይህንን ማሽን አልጻፈውም» አሉ። «ማሽን እንኳ ሁለተኛ ጊዜ በዚህ ጥያቄ እንዲህ አይሳሳትም።» ፋይሉን ዘጉት። ነጻ ነዎት ተባልኩ። በመሳሳቴ ነጻ የወጣሁ የመጀመሪያው ተፈታኝ ሳልሆን አልቀርም።

ነጻ መውጣት ግን ማለፍ አይደለም። የፈተናው ነጥብ ከአራቱ ዜሮዎች ጋር ሲደመር አልደረሰም። ኮርሱን እንደገና እወስዳለሁ፤ በዚያ ኮሌጅ በእኩለ ቀን ያወጣኋትን ፀሐይ የማያውቅ የለም። ባልደረባዬ አለፈች፣ ወንበሩን ያዘች። ወንበሩ ወደ ግራ እንደሚያጋድል ነገርኳት፤ «አስጠግኘዋለሁ» አለችኝ። አማቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ዱአው ሠርቷል ባይ ናቸው፤ «ዓይናቸው ባይጋረድማ መች ይለቁህ ነበር!» ይላሉ።

በመጀመሪያው ሳምንቷ ጠራችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት መለኪያ አሳየችኝ። «ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የክፍሉ አየር ይደርቃል፣ የጥጥ ድሩም ይበጣጠሳል፤ ቲቸር ያኔ ያስረዳችው ይህንን ነበር። በየቀኑ በሰባት ሰዓት መለኪያውን የምታነብልኝ አንተ ነህ።»

«በሰባት ሰዓት?»

«በሰባት ሰዓት።»

«በስምንት ቢሆንስ?»

«እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው?» አለችኝ፤ በጣቷ ወደ ክር ማከማቻው አሳየች።

በሰባት ሰዓት ክሩ ለምን እንደሚበጠስ ስጠየቅ ለመምህሯ ዝም ያልኩት፣ በፈተናውም የተሳሳትኩት ለዚህ ነው። እዚያ ክፍል ስሠራ ከኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ምሳ ከበላሁ በኋላ፣ ከማከማቻው ጀርባ ካርቶን አንጥፌ እተኛለሁ። ክሩ ሲበጠስ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።